የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ

እሁድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3:30፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ የስብሰባ አዳራሽና በዙም

ከማኅበሩ 64 አባላት መካከል 31 በአዳራሽ፣ 14 በዙም (9 ከአዲስ አበባ፣ 3 ከጅቡቲ፣ 2 ከጅዳ) በድምሩ 45 አባላት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ሰብሳቢው አረጋግጠዋል። በዙም የገቡት ካሜራቸውን ከፍተው ስማቸውንና የአባልነት ቁጥራቸውን ከተናገሩ በኋላ ጸሐፊዋ ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለች።

አጀንዳ 1፦ የጎርፍ መከላከያ ግንብ

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ያደረሰውን ጉዳት ያስታወሱ አባላት ግንቡ ከመጪው ክረምት በፊት እንዲያልቅ፣ ለዚህም እያንዳንዱ አባል ብር 6,000 እንዲያዋጣ ሐሳብ አቀረቡ። ውይይቱ እንደቀጠለ 4:20 ላይ መብራት ጠፍቶ ራውተሩ በመዘጋቱ 14ቱም የዙም ተሳታፊዎች ተቋረጡ። ይህ እስኪታወቅ በአዳራሹ ሁለት አባላት ተናግረው ነበር። ሰብሳቢው ወዲያው ስብሰባውን አቁመው፣ ግንኙነቱ በጸሐፊዋ ስልክ ኢንተርኔት ከ12 ደቂቃ በኋላ ሲመለስ፣ ሁለቱም አባላት የተናገሩትን ደግመው እንዲያሰሙ አድርገዋል።

ከድምፅ አሰጣጡ በፊት በተደረገው ቆጠራ 12 የዙም ተሳታፊዎች ተመልሰው ስለነበር ድምፅ ሰጪው 43 ሆኗል። መስመር ተቋርጦበት ያልተመለሰ አባል ሐሳቡን አልገለጸምና እንደ ድምፀ ተዓቅቦ ሊቆጠር አይገባም፤ ስለሆነም ሁለቱ በዚህ ድምፅ ላይ ያልነበሩ ተብለው ተመዝግበዋል።

በአዳራሹ በእጅ ማውጣት 26 ድጋፍ፣ 4 ተቃውሞ፣ 1 ድምፀ ተዓቅቦ ተቆጠረ። በዙም መጠይቅ 8 ድጋፍ፣ 2 ተቃውሞ፣ 1 ድምፀ ተዓቅቦ ተመዘገበ። ከአዲስ አበባ በአንድ ስልክ የገቡ ባልና ሚስት ሁለቱም አባላት ሲሆኑ መጠይቁ ከአንድ ስልክ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚቀበል፣ ባልየው በመጠይቁ፣ ሚስትየው ካሜራ ፊት በቃል ድጋፏን ሰጥታለች። ሐሳቡ በ35 ድጋፍ፣ በ6 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተዓቅቦ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ምርጫ

ምርጫው በምስጢር የሚካሄድ በመሆኑ፣ አንድ አባል ማን ማንን እንደመረጠ ለአወያዩ እንዳይታይ ጠይቀው፣ መጠይቁ ስም እንዳይመዘግብ ተደርጎ መዘጋጀቱ በፕሮጀክተር ለሁሉም ታይቷል። የቃል ድምፅ እዚህ ስለማይሠራ ሚስትየው በሌላ ስልክ እስክትገባ ተጠብቋል። 4:50 ላይ መስመር ተቋርጦባቸው ካልተመለሱት ሁለት አባላት አንዱ፣ ከጅቡቲ የገቡት፣ ስለተመለሱ የዙም ድምፅ ሰጪዎች 13 ሆነዋል። የአባልነት ቁጥር 27 በአዳራሽ በወረቀት 18፣ በዙም 8፣ በድምሩ 26 ድምፅ አግኝተው ተመርጠዋል፤ የአባልነት ቁጥር 41 በአዳራሽ 12፣ በዙም 5፣ በድምሩ 17 ድምፅ አግኝተዋል፤ አንድ ወረቀት ሁለቱም ስሞች ላይ ምልክት ስለተደረገበት ውድቅ ሆኗል።

የመጠይቁ ውጤት ታትሞ ከወረቀቶቹ ጋር በታሸገ ፖስታ ከዚህ ቃለ ጉባኤ ጋር እንዲቀመጥ፣ መስመር ተቋርጦበት እስከ መጨረሻው ላልተመለሰው አባልም ጸሐፊዋ ውሳኔዎቹን በስልክ እንድታሳውቅ ተወስኖ ስብሰባው ከቀኑ 6:10 ተጠናቋል። ሰብሳቢውና ጸሐፊዋ ፈርመውበታል።