ፊርማው የእሷ፣ ብሩስ የማን? ማይክሮፋይናንስና የሴቶች የመወሰን አቅም በየካ አባዶ
(የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ አኅጽሮተ ጥናት)

ዳራ፦ የማይክሮፋይናንስ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ሕጋዊ መሠረት ያዘ፤ ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 626/2001 ተተክቷል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት የጋራ ንብረታቸውን አብረው እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። በብድር ውሉ ላይ የሴቷ ፊርማ አለ። ብሩ ቤት ከገባ በኋላ ማን እንደሚያዝበት ግን ፊርማው አይነግረንም። ይህ ጥናት የተነሣው ከዚህ ነው።

ዓላማ፦ ብድር የወሰዱ ሴቶች በገንዘቡ፣ በትርፉና በቤታቸው ጉዳይ ምን ያህል እንደሚወስኑ መመርመር።

ዘዴ፦ ጥናቱ ዓይነታዊ ነው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተበደሩ 24 ሴቶች፣ ዘጠኝ ባሎችና ሦስት የብድር ባለሙያዎች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። ቃለ መጠይቁ የተካሄደው ሴቶቹ በሚሠሩበት ቦታ ነው፤ እንጀራ ጋገራ፣ ጉሊትና ባልትና ላይ። መረጃው የተተነተነው የኢኮኖሚ ተመራማሪዋን የናይላ ካቢርን ሦስት መለኪያዎች፣ ማለትም ሀብትን፣ የመወሰን ችሎታንና ውጤትን፣ መሠረት በማድረግ ነው።

ግኝት፦ ከ24ቱ 15ቱ ብድሩን ራሳቸው ሠርተውበታል። ዘጠኙ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ለባል ወይም ለልጅ አስረክበዋል፤ ዕዳው ግን በእነሱ ላይ ቀርቷል። ልዩነቱን የፈጠረው የብድሩ መጠን አይደለም። ዋናው ነገር የዕለት ገቢው በማን እጅ እንደሚውል ነው። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ የቁጠባ ደብተሯን ከጤፍ ጆንያው ሥር ታስቀምጣለች። የምጣዱን፣ የመብራቱንና የጤፉን ወጪ በልጇ ደብተር ጀርባ ታጽፋለች። ሁለተኛ ምጣድ ስትገዛ ማንንም አላስፈቀደችም። ከሦስት ቤት በኋላ ያለችው ጎረቤቷ ግን ብሩን በወሰደች በማግስቱ ለባሏ ሰጥታለች፤ በምን እንደዋለ እስከ ቃለ መጠይቁ ቀን አታውቅም ነበር።

ተበዳሪዎቹ አንዳቸው ለሌላቸው ዕዳ የሚዋሱበት የቡድን ዋስትና ሁለት መልክ አለው። አንዷ ስትታመም ሌሎቹ አዋጥተው ከፍለውላታል። ክፍያ ያቃታት ሌላዋ ግን ከኀፍረት ብዛት ከጎረቤት ቡና ቀርታለች። እንዲህ ዓይነቱን ጉዳት የብድር አመላለስ ሪፖርት አያሳይም፤ በአጥኚዋ እምነት ግን ከብድር ወጪ ጋር መቆጠር አለበት። ዕቁብ ያላቸው ሴቶች ወርኃዊ ክፍያው ሲደርስ ብዙም አልተጨነቁም፤ ዕጣቸውን ከመክፈያው ቀን ጋር አስማምተው ነበርና።

ድምዳሜ፦ ብድር ብቻውን የመወሰን አቅም አይሰጥም፤ የገቢ ቁጥጥር ሲታከልበት ግን ይረዳል። ተቋማት ተከታዩን ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ያለፈው በማን እጅ እንደዋለ ተበዳሪዋን ለብቻዋ ይጠይቁ። የሒሳብ አያያዝ ሥልጠናው ማንበብ የማይችሉትን ያካትት። ክፍያውም የጉሊትና የጋገራ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወቅት የሚላላበት መንገድ ይፈለግ።

ቁልፍ ቃላት፦ ማይክሮፋይናንስ፣ የሴቶች የመወሰን አቅም፣ የቡድን ዋስትና፣ ዕቁብ፣ የካ አባዶ