ሚጢ ማንን ትጠብቃለች?

ሊያ አንድ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ገና አትራመድም፣ ትድሃለች። ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። እኛ ግን የምንሄደው ወደ ሊያ ብብት ነው። አዎ፣ ብብቷ ውስጥ! ከቆዳዋ ሥር ሊምፍ ኖድ የሚባሉ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። እናንተም አሏችሁ፤ ብብታችሁ ውስጥ፣ አንገታችሁ ላይ፣ ብሽሽታችሁ ውስጥ።

እነዚህ ዕጢዎች የነጭ የደም ሴሎች ሰፈር ናቸው። ሴሎቹ በዓይን አይታዩም። ሰውነት ውስጥ የማይታወቅ እንግዳ ሲገባ ግን የሚነሱት እነሱ ናቸው።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዷ ሚጢ ናት። ሚጢ ቢ ሴል ናት። የተወለደችው አጥንት ውስጥ፣ መቅኒው ውስጥ ነው። ቢ ሴሎች ሲወለዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅርጽ ያላቸው እጆች ይዘው ነው። የአንዷ እጅ ክብ ነገር ይይዛል፣ የሌላዋ ሹል፣ የሌላዋ ጎርበጥባጣ። የሚጢ እጆች ደግሞ ጠማማ ናቸው። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ለመያዝ ትሞክራለች። ሁሉም ያመልጣታል።

አንድ ቀን ጋሽ አስተውልን ጠየቀችው። ጋሽ አስተውል ቲ ሴል ነው። ሰፈሩ ውስጥ እሱ ሳያረጋግጥ ትልቅ ሥራ አይጀመርም።

«ጋሽ አስተውል፣ የእኔ እጅ ለማን ነው የተሠራው?»

«አላውቅም ልጄ። እንግዳው ሲመጣ እጅሽ ራሱ ይነግርሻል።»

«ባይመጣስ?»

ጋሽ አስተውል አይዋሽም። «ብዙዎቹ ቢ ሴሎች ጠብቀው ጠብቀው ማንም አይመጣላቸውም» አላት። «ቢሆንም ይጠብቃሉ። ማን ቀድሞ እንደሚመጣ አይታወቅማ።»

አንድ ጠዋት የሊያ እናት ሊያን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ የሊያን ክንድ ጠረገች። ከዚያ ጠቅ! ሊያ ቤቱን በጩኸት አናጋችው። እናቷ እሹሩሩ አለቻት። ውጪ የሆነው ይኸው ነው። ውስጥ የሆነው ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ እንግባ።

መርፌው ያስገባው ክትባት የኩፍኝ ክትባት ነበር። በውስጡ የኩፍኝ ቫይረሶች አሉ። አትደንግጡ! እነዚህ ቫይረሶች በቤተ ሙከራ እንዲዳከሙ ተደርገዋል። ጥርሱ የረገፈ ጅብ በሏቸው፤ መልኩ የጅብ ነው፣ መንከስ ግን አይችልም።

ሊያ ክንድ ላይ ዘርጋው የሚባል ዘበኛ ሴል ቆሟል። ዘርጋው በየአቅጣጫው የተዘረጉ ረጃጅም ክንዶች አሉት። ከተዳከሙት ቫይረሶች አንዱን ለቀም አደረገው። አገላብጦ አየው።

«አንተን አላውቅህም» አለው። «ሊያን አትመስልም።»

ቫይረሱን ቆራርጦ ስብርባሪውን በክንዶቹ ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወደ ብብት ጉዞ ጀመረ። መንገዱ ለእሱ ረጅም ነው። ሲደርስ ጋሽ አስተውልን አገኘውና ስብርባሪውን አሳየው። ጋሽ አስተውል በጥንቃቄ መረመረ።

«እውነትም የእኛ አይደለም» አለ።

በዚያው ሰዓት ሌሎች የተዳከሙ ቫይረሶችም ወደ ሰፈሩ ገቡ። ቢ ሴሎች ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ። ክብ እጅ ያላት ሞከረች፣ አመለጣት። ሹል እጅ ያላትም ሞከረች፣ አመለጣት። ሚጢ ተራዋ ሲደርስ ጠማማ እጇን ዘረጋች።

ቀጭ!

ያዘችው። ቫይረሱ ላይ ያለው ጉብታና የሚጢ እጅ ልክክ አሉ።

«ጋሽ አስተውል! ያዝኩት! ይኸው ያዝኩት!»

ጋሽ አስተውል መጥቶ አየ። በዘርጋው ክንድ ላይ ካየው ጋር አስተያየ። አንድ ነው። «በይ ሚጢ» አላት፣ «ጀምሪ!»

ሚጢም ለሁለት ተከፈለች። ሁለቱ አራት ሆኑ። አራቱ ስምንት፣ ስምንቱ አሥራ ስድስት። እናንተ ቀጥሉበት እስኪ፤ እስከ ስንት መቁጠር ትችላላችሁ? ቀናት ሲያልፉ ሺህ ሚጢዎች ሆኑ። «ዋናዋ ሚጢ የቷ ናት?» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሁሉም ሚጢ ናቸው።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። አዳዲሶቹ ሚጢዎች እጃቸው ትንሽ ትንሽ ይለያያል። አንዳንዷ ቫይረሱን ከእናቷ ይልቅ አጥብቃ ትይዛለች። አንዳንዷ ደግሞ ላላ አድርጋ። ሰፈሩ አጥብቀው የሚይዙትን ይመርጥና እነሱ እንዲበዙ ያደርጋል። ሥልጠና የሚባለው ይኼ ነው። በየቀኑ ይሞክራሉ፣ በየቀኑ ይሻላሉ።

ከዚያ ሥራ ተከፋፈሉ። ግማሾቹ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩ ሆኑ። ፀረ እንግዳ አካል ማለት ከሚጢ እጅ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ግን ብቻውን በደም ውስጥ የሚዞር እጅ ነው። አንዷ ሴል በአንድ ሰከንድ ብቻ ብዙ መቶ እጆች ትለቃለች! እጆቹ ቫይረሱን ተረባርበው ይለጠፉበታል። እጅ የተለጠፈበት ቫይረስ የሰውነትን ሴል በር ከፍቶ መግባት አይችልም።

ጥቂት ሚጢዎች ግን ምንም አልለቀቁም። ጋሽ አስተውል ለብቻቸው ጠራቸው።

«እናንተ አስታዋሽ ሴሎች ናችሁ» አላቸው። «ብዙዎቹ ሲያልቁ እናንተ ትቀራላችሁ። የዚህን ቫይረስ መልክ እንዳትረሱ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ሊያ ትንሽ አተኮሳት። ክንዷም ቀላ ብሎ ነበር። እናቷ ተጨነቀች። ነርሷ ግን ቀድማ ነግራት ነበር፤ ሰውነት ሥልጠና ላይ ሲሆን እንዲህ ያለ ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ትኩሳቱም ለቀቃት፣ ሊያም ወደ ድኸቷ ተመለሰች።

ወራት አለፉ። ሊያ መራመድ ጀመረች። እናቷ ካርዱን አይታ በቀጠሮው ቀን ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ወሰደቻት። ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? አንዳንድ ልጅ ላይ የመጀመሪያው ሥልጠና በደንብ አይዝም። በሁለተኛው ያመለጠው ይያዛል። ሁለቱንም ክትባት ከወሰዱ መቶ ልጆች 97 ያህሉ ከኩፍኝ ይጠበቃሉ። የሊያ ሚጢዎች በበኩላቸው የተዳከመውን ቫይረስ ገና ሲያዩት «ይኼማ የምናውቀው ነው!» ብለው ተነሡበት።

ከዚያ ዝም ያለ ጊዜ መጣ። ዓመታት። ሊያ ትምህርት ቤት ገባች። ማንበብ ቻለች። የጤና ክበብ አባልም ሆነች። ሚጢ አሁንም ሰፈሯ ውስጥ ናት።

ሦስተኛ ክፍል እያለች አጠገቧ የሚቀመጠው ናሆም ያስለው ጀመር። ዓይኑ ቀላ። አፍንጫው ፈሰሰ። ሁሉም ጉንፋን ነው አሉ። ከቀናት በኋላ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ኩፍኝ ነበር። ናሆም ልጅ እያለ ክትባቱ አልፎት ነበር።

ኩፍኝ ከአየር ላይ ቶሎ አይጠፋም። የታመመው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ሊያ ከናሆም ጋር ስንት ቀን አብራ ተቀምጣለች! በአፍንጫዋ ገብቷል፣ ያውም ጥርሱ ያልረገፈው፣ እውነተኛው።

ቫይረሱ ገባ፤ ፊቱን ሳያዞር እጆች ተለጠፉበት። ከዓመታት በፊት ከሠለጠኑት ሚጢዎች ጥቂቶቹ እስካሁን እጆች ወደ ደም ይለቁ ነበር። ወዲያው ወሬው ብብት ደረሰ።

«ሚጢ!» አለ ጋሽ አስተውል። «አስታወስሽው?»

ሚጢ መልስ ለመስጠት ጊዜ አላጠፋችም። ተከፍላ ነበር። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ያኔ ሳምንት ከዚያም በላይ የፈጀው ሥራ አሁን በጥቂት ቀናት አለቀ። ሌሎች ቲ ሴሎችም ተነሡ፤ ቫይረስ የገባባቸውን ሴሎች እየፈለጉ አስወገዱ። ቫይረሱ ለመባዛት ጊዜ አላገኘም።

ሊያ በዚያ ሳምንት ምን ተሰማት? ምንም። ኳስ ተጫወተች፣ የቤት ሥራዋን ሠራች፣ ተኛች።

ናሆም ግን ብዙ ቀን ተኛ። ከዳነም በኋላ ቶሎ ቶሎ ይታመም ነበር። ኩፍኝ ክፉ ነው፤ በፊት የተማሩትን የናሆምን አስታዋሽ ሴሎች ብዙዎቹን አጥፍቶበታል። ሌላ በሽታ የሚያውቁትንም ጭምር። ሴሎቹ እንደገና ሲማሩ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሊያ ደብተሯን እያመጣች ያለፈውን ትምህርት ታስጠናው ነበር።

«አንቺ ለምን አልታመምሽም?» አላት አንድ ቀን። «አጠገቤ አልነበርሽ እንዴ?»

«ክትባት ስለወሰድኩ።»

«መርፌው እስካሁን ክንድሽ ውስጥ ይዋጋል ማለት ነው?»

«አይደለም! መርፌው ውስጥ የነበረው ያኔውኑ አልቋል። የተዋጉት የራሴ ሴሎች ናቸው። መርፌው ያስተማራቸው ብቻ ነው።»

ሊያ ቤት ውስጥ ትንሽ ወንድም አላት፤ አምስት ወሩ ነው። ለኩፍኝ ክትባት ዕድሜው አልደረሰም። ሊያ ታምማ ቢሆን መጀመሪያ የምታስይዘው እሱን ነበር። የእሷ ሚጢዎች ወደ እሱ ሄደው ሊረዱት አይችሉም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሴሎች ማሠልጠን አለበት።

ወራት ቆይቶ የወንድሟ ቀጠሮ ደረሰ። ሊያ ከእናቷ ጋር አብራ ሄደች። ነርሷ የሕፃኑን ክንድ ጠረገች። ጠቅ! ሕፃኑም በተራው ቤቱን በጩኸት አናጋው።

«ሲስተር» አለች ሊያ፣ «ሴሎቹ ተምረው እስኪጨርሱ ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል?»

ነርሷ ገርሟት አየቻት። «ሁለት ሳምንት ያህል።»

«እሺ» አለች ሊያ፣ ወንድሟን እያባበለች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚያስለው ሰው እንዲያቅፈው አልፈቅድም።»