ለኢንጂነር፦ ሐሙስ 20 ደቂቃ ቢኖርዎት

ኢንጂነር፣ እንደምን አደሩ?

የ3ኛ ወለል ስላብ የፌሮ ልኬት ትናንት ጨርሼ ፋይሉን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። ደረጃው ላይ ባሳዩኝ መሠረት የዚህኛውንም ኦቨርላፕ ለብቻው አስገብቼዋለሁ። ስራው በጣም እየጣመኝ ነው።

ሐሙስ ከሳይት ስብሰባው በኋላ 20 ደቂቃ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል። ልኬቱ ላይ ምን ላሻሽል? ደግሞ የሚቀጥለውን የክፍያ ሰርተፍኬት ረቂቅ እኔ ልጀምረውና እርስዎ ቢያዩልኝስ? ያለፈውን ከወዲሁ እያነበብኩት ነው። በተለይ የተጨማሪ ስራው አያያዝ ላይ የእርስዎን አካሄድ መማር እፈልጋለሁ።

ሐሙስ ካልተመቸዎት አርብ ጠዋት ቢሮ ነኝ። ልኬቱን አትሜ እይዛለሁ፤ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፉ ሲያሳዩኝ ቶሎ ይገባኛል።

መልካም የስራ ቀን ይሁንልዎ።