ለናሆም እናትና አባት፦ ናሆም ዛሬ ከሸርተቴ ላይ ወድቋል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ከሁሉ በፊት፦ ናሆም ደህና ነው። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ብሎክ እየደረደረ ነው። ግንባሩ ላይ እብጠት አለ፤ የታችኛው ከንፈሩም ከውስጥ ተቆርጧል። ሌላ ያገኘነው ጉዳት የለም።

አባቱ ጠዋት በስልክ ሰምተዋል። እናቱም መልሰው ደውለው "በትክክል ምን ሆነ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በዙሪያዬ ልጆች እየጮሁ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩልዎትም። ዛሬ የምትወስደው ደግሞ አክስቱ ናት። እሷ የምታውቀው በር ላይ የምነግራትን ብቻ ነው፤ ወሬ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ይጨምራል። የኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ ያለችው ቦታም አትበቃኝም። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ቦርሳው ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ከረፋዱ 4፡20 ገደማ ነው። መክሰስ በልተን ግቢ ወጥተናል። ልጆቹ ዘጠኝ ነበሩ፤ እኛ ሁለት ነን። አብራኝ የምትሠራው አንዷን ልጅ ዳይፐር ልትቀይርላት ወደ ውስጥ ገባች። ለጥቂት ደቂቃ ከስምንት ልጆች ጋር ብቻዬን ሆንኩ ማለት ነው። ናሆም ትንሿን ሸርተቴ በመሰላሏ እየወጣ ነበር። እሷን በየቀኑ ይወጣታል፤ ጎበዝ ነው። በአንድ እጁ ያቺን ቀይ መኪናውን ይዟል።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ከአጥሩ ውጭ ቆራሌው "ቆራሌው!" ብሎ ተጣራ። ናሆም ቆራሌውን ምን ያህል እንደሚወደው ታውቃላችሁ፤ እዚህም ቀኑን ሙሉ እንደ እሱ "ቆራሌው!" እያለ ነው የሚውለው። ድምፁን ሲሰማ ዞሮ ሊያይ ሞከረ። የግራ እግሩ ክሮክስ ከደረጃው አንሸራተተው። መኪናውን መልቀቅ ስላልፈለገ በአንድ እጁ ብቻ ነበር የተያዘው፣ እጁም ለቀቀ። ወደ ጎን ነው የወደቀው። ከፍታው ወገቤ ድረስ አይሞላም፤ ከጉልበቴ ግን በደንብ ከፍ ይላል።

እኔ ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ ነበርኩ። አጎንብሼ የሌላ ልጅ ጫማ እያሰርኩ ነበር። ቀና ስል እግሩ ከደረጃው ሲለቅ አየሁ፤ ግን አልደረስኩበትም። መሬት ላይ የሚነጠፈው ወፍራሙ ምንጣፍም ቦታው ላይ አልነበረም። ጠዋት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ያረፈው ሣሩ ላይ ነው፤ ሣሩ ደግሞ እዚያ ጋ ሳስቷል። ምንጣፉ ሳይኖር ሸርተቴዋን መክፈት አልነበረብኝም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ።

ወዲያው አለቀሰ። ነርስ የሆነች እህት አለችኝ፤ "ልጅ ወድቆ ወዲያው ካለቀሰ ደግ ነው፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው" ትለኛለች። እሱን ሳስብ ነው ትንሽ የተረጋጋሁት። ራሱን አልሳተም፣ አላስመለሰውም፣ ዓይኑም አልተንከራተተም። ብድግ አላደረግኩትም። እዚያው መሬት ላይ አብሬው ቁጭ ብዬ ስሙን ጠራሁት። እጅና እግሩን በራሱ ሲያንቀሳቅስ ካየሁ በኋላ ነው ያቀፍኩት። አፉ ደም ነበረው። በንጹህ ጨርቅ ያዝ አድርጌ ሳየው ደሙ ከከንፈሩ ነው፤ በጥርሱ ነክሶት ነው። ጥርሶቹ አልተነቃነቁም፣ አልተሸረፉም።

ግንባሩ ግን እዚያው እያየሁት አበጠ። ግማሽ ሎሚ ያህል ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። የጓደኛዬን ስም ጠርቼ ጮህኩ፤ እሷ ሌሎቹን ልጆች ወደ ክፍል አስገባች። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ አሥር ደቂቃ ያህል፣ እያረፍኩ፣ ያዝኩለት። አንዷ ጓደኛው ሸርተቴዋን በእጇ እየመታች "ለምን ጣልሽው!" ትላት ነበር። ናሆም ይህን ሲሰማ ልቅሶውን አቋርጦ ማየት ጀመረ።

4፡26 ላይ እናቱ ጋ ደወልን፤ ስልኩ አልተነሳም። 4፡28 አባቱን አገኘናቸው። እሳቸው ሲስማሙ ከርዕሰ መምህሯ ጋር ሆነን በአቅራቢያችን ወዳለው ክሊኒክ ወሰድነው። የጤና መኮንኑ ዓይኑን በባትሪ አየው፣ ጭንቅላቱን ዳሰሰ፣ አንገቱንና እጆቹን አንቀሳቀሰ፣ አስቆሞ አስኬደው። ናሆም በእግሩ ሄዶ ባትሪውን ሊቀበለው ሞከረ። "ለአሁኑ ሌላ ምርመራ የሚያስፈልግ ምልክት የለም፤ ግን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ተከታተሉት፣ በተለይ የዛሬዋን ሌሊት" ብሏል። የጻፈው ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ገንዘቡን ትምህርት ቤቱ ከፍሏል።

ከተመለሰ በኋላ እንዴት እንደዋለ ልንገራችሁ። ከምሳ ዕቃው ፍርፍሩን አንዴ ቀምሶ አለቀሰ፤ በርበሬው ከንፈሩን አቃጠለው። ስለዚህ ሙዝና ለብ ያለ የአትክልት ሾርባ ሰጠነው፤ ሾርባውን ጨርሶታል። ፍርፍሩ ሳይበላ ተመልሷል፣ "ለምን አልበላም?" ብላችሁ እንዳታስቡ። ከ6፡40 እስከ 8፡00 ተኝቷል። የተኛው በሰዓቱ ነው፣ ከተለመደው ውጭ አልደከመውም። በየግማሽ ሰዓቱ ነካ ነካ እያደረግኩ ቀሰቀስኩት። ሁለተኛው ላይ ዓይኑን ገልጦ "ተይኝ!" አለኝና ዞሮ ተኛ። በሕይወቴ ስድብ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን የዛሬው ማታ። ጤና መኮንኑ ንቁ ያለንን ነው የምነግራችሁ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ነቅቶ ከፈዘዘ፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ፣ ቢያባብሉትም ልቅሶው አልቆም ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውሃ የመሰለ ነገር ወይም ደም ከወጣ፣ ከጆሮው ጀርባ ከጠቆረ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እኔንም ደውሉልኝ፣ ቁጥሬ አላችሁ፤ ዛሬ ስልኬን አልዘጋም።

"እንዳይተኛ ያዙት" የሚሏችሁ ሰዎች ይኖራሉ። ይተኛ፤ ያለ እንቅልፍ ልጅ ይነጫነጫል፣ ያኔ ምልክቱንም ከድካሙ መለየት ይከብዳችኋል። ግን ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስቅሱት። ከተነጫነጨባችሁና ማን እንደሆናችሁ ከለየ ጥሩ ነው።

አያቱ እናንተ ጋ እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ እብጠቱ እንዳይታሽ፣ በማንኪያም በሳንቲምም እንዳይጫን። ቅቤም አይቀባ። ክብራቸውን ለመንካት አይደለም፤ የእኔም እናት እንዲህ ነበር የምታደርገን። ግን ማሸት እብጠቱን ያባብሰዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር፣ እሱም አሥር ደቂቃ ያህል እሺ ካለ፣ ይበቃል። በረዶውን በቀጥታ ቆዳው ላይ አታድርጉት።

እኛ ምንም መድኃኒት አልሰጠነውም። ካመመው በክብደቱ ልክ የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ መስጠት እንደሚቻል ጤና መኮንኑ ተናግሯል። የአዋቂ ኪኒን ግን ቆርጣችሁ እንዳትሰጡት። ከሰጣችሁት ሰዓቱን ነገ ንገሩኝ። ለከንፈሩ ቅመም፣ ሎሚና ትኩስ ነገር ለሁለት ሦስት ቀን ይቅርበት። የአፍ ቁስል ቶሎ ይድናል። ግንባሩ ግን ነገ ከዛሬ ይልቅ ሊያስፈራችሁ ይችላል፤ ይበልዛል። ብልዙ በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ዓይኑ ቆብ ቢወርድም አትደንግጡ። ሌላ ምልክት ከሌለው ከግንባር የወረደ ደም ነው።

በእኛ በኩል የተደረገውን ልጻፍላችሁ። ሁኔታው አደጋ መመዝገቢያው ላይ ሰፍሯል፤ መጥታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ምንጣፉ ከሌለ ሸርተቴ የለም፤ መሰላሉ በገመድ ይታሰራል። ከሁለታችን አንዷ ስትገባም እንደዚሁ ይዘጋል። ልጅ መጫወቻ ይዞ መሰላል አይወጣም። ይህን የመጨረሻውን ለናሆም ማስረዳት ቀላል አይሆንም፣ መኪናዋን ከእጁ የምትወስዱበት ዘዴ ካላችሁ ላኩልኝ።

ነገ ቤት ብታውሉት እረዳለሁ። ከመጣም ግቢ ስንወጣ ከእኔ ጋር ይሆናል፣ መሰላል መውጣትና መሮጥ አይኖርም። በሸርተቴ ግን እንዳታስፈራሩት እለምናችኋለሁ። "ተው፣ ትወድቃለህ" እየተባለ የሚያድግ ልጅ ሲወጣ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ነው በእውነት የሚወድቀው። ከሐሙስ ወይም ከዓርብ በኋላ፣ ደህና ከሆነ፣ እጁን ይዤ አንድ ሁለት ደረጃ አብሬው እወጣለሁ። ካልፈለጋችሁ ንገሩኝ፣ አላደርገውም።

ተናዳችሁብኝ ከሆነም ይገባኛል። ነገ ጠዋት ከ1፡30 ጀምሮ እዚህ ነኝ። ፊት ለፊት መነጋገር ከፈለጋችሁ ከልጆቹ መግቢያ በፊት ብትመጡ ይመቸኛል፤ ርዕሰ መምህሯም ትኖራለች።

ደም የነካው ቲሸርት በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ በፌስታል ታስሯል። የለበሰው የእኛ መቀየሪያ ልብስ ነው፣ ታጥቦ ይመለስ። ቀይዋ መኪና የፊት ኪሱ ውስጥ ናት፤ አንድ ጎማዋ ወልቆ ነበር፣ ፈልገን አግኝተን ገጥመናታል። ክሮክሱን ለቤት አድርጉለትና ለትምህርት ቤት ተረከዙን የሚይዝ፣ በቬልክሮ የሚታሰር ጫማ ብታደርጉለት ደስ ይለኛል። ቬልክሮ ከሌለውም ችግር የለም፣ የጫማውን ገመድ እኔ አስርለታለሁ።

ማንበባችሁን እንዳውቅ እዚህ ወረቀት ታች ፈርማችሁ ነገ በደብተሩ ላኩልኝ። ማታ ከመተኛቱ በፊት ደግሞ አንድ መልእክት ጻፉልኝ፤ "በላ፣ ተጫወተ" ብቻ ብትሉኝ ይበቃኛል።

አክባሪያችሁ፣
ሚስ ህይወት
የትንንሾቹ ክፍል ተንከባካቢ