ለማስተርስ ጥናት ከሕሙማን መዝገብ መረጃ ለመሰብሰብ የቀረበ የፈቃድ ጥያቄ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈለገ ሕይወት ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ጽ/ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የጥናት መረጃ ለመሰብሰብ ፈቃድ ስለመጠየቅ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራው ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. በሆስፒታሉ የቲቢ ሕክምና በጀመሩ አዋቂ ሕሙማን የሕክምና ውጤት ላይ ነው።

ከቲቢ መዝገብ የምወስደው ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሕክምና ሲጀመር የነበረ ክብደት፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤትና የሕክምናውን ፍጻሜ ነው። የፍጻሜው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ከታካሚው ካርድ ጋር ማመሳከር ስለሚያስፈልግ ካርድ ክፍል እንድገባም እጠይቃለሁ። ስምና ስልክ ቁጥር አይመዘገብም፤ የካርድ ቁጥሩም በመለያ ኮድ ይተካል። ካርድ ከክፍሉ አይወጣም፣ ፎቶም አይነሳም። ጠዋት ካርድ ክፍሉ በተመላላሽ ታካሚዎች ስለሚጨናነቅ የምሠራው ከሰዓት በኋላ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ከኅዳር 23 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. መረጃውን እንድሰበስብ ተፈቅዶልኝ ለቲቢ ክሊኒኩና ለካርድ ክፍሉ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቂያና የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጹ ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
ሰላማዊት አለሙ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለሜዲካል ዳይሬክተር