ቲቸር፣ ቻቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ቲቸር፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ ቴሌግራም ሲከፍቱ የእኔ ቻት ከነጭራሹ የለም አይደል? ብሎክ ያደረግኩዎት እንዳይመስልዎት ነው ቶሎ የምጽፈው።

ትናንት ማታ 5 ሰዓት አካባቢ ስልኬ ስቶሬጅ ሞልቷል እያለ አስቸገረኝ፣ አንድ ፒዲኤፍ እንኳ አላወርድ አለ። በእንቅልፍ ልቤ ትልልቁን ቻት እየፈለግኩ ሳጠፋ የእርስዎን ቻት የአጎቴ ልጅ ቻት መስሎኝ (እሱ ከኳስ ቪዲዮ ሌላ የሚልከው የለም) Delete Chat አልኩት። ከሌላውም ሰው በኩል ይጥፋ የሚለው ሳጥን ላይም ምልክት አድርጌያለሁ። Undo የሚለው ለጥቂት ሰከንድ ከታች ብቅ ብሎ ነበር፣ እኔ ግን ደንግጬ ሳፈጥበት ሄደ። የሚያበግነኝ ደግሞ ካሹን ብቻ ባጸዳው ኖሮ ቦታውም ይለቀቅልኝ መልእክቱም ሰርቨሩ ላይ ይቀርልኝ ነበር። ይህን ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ የላኩልኝ ሁሉ እዚያ ነበር፤ የቦርዱ ፎቶዎች፣ ወርክሺቶቹ፣ ቮይሶቹ። ደብተርህ ላይ ገልብጥ ሲሉኝ እሺ እያልኩ አልገለበጥኩም። ፈተናው 11 ቀን ነው የቀረው።

አንድ ሌላ ጉድም አለ። ለማንም እንዳትልክ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን 4ቱን የቦርድ ፎቶ ለክፍል ጓደኛዬ ፎርዋርድ አድርጌላት ነበር። አሁን የተረፉት እነሱ ብቻ ናቸው። ይቅርታ፣ ግን እንኳንም ላክኩላት።

ከጠዋት ጀምሮ የማስታውሰውን ወረቀት ላይ እያሰፈርኩ ነው። አሲድና ቤዝ ብዙም አላስቸገረኝም፣ የበፈሩ ቀመር pH = pKa + log([A⁻]/[HA]) ሳላይ ወጣልኝ። ኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ ነው የተቀረቀርኩት። 96,500 ኩሎምብ የአንድ ሞል ኤሌክትሮን ቻርጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ኦክሲዴሽን ሁልጊዜ አኖድ ላይ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ያው አኖድ ጋልቫኒክ ሴል ላይ ኔጌቲቭ፣ ኤሌክትሮሊቲክ ላይ ፖዘቲቭ የሚሆንበትን ምክንያት በ3 ቮይስ ያስረዱኝ ነገር ድራሹ ጠፍቶብኛል። መጽሐፉን ሁለቴ አነበብኩት፣ እንደ እርስዎ አላስረዳኝም።

የቦርዱ ፎቶዎች ጋለሪዎ ውስጥ ካሉ የኤሌክትሮኬሚስትሪውን ብቻ ይላኩልኝ፣ የቀረውን ከማስታውሰውና ከጓደኛዬ አሟላለሁ። ቮይሱን እንደገና ይቅረጹልኝ አልልም። ቅዳሜ ሲመጡ 20 ደቂቃ ያህል ስለ አኖዱ ይንገሩኝ፣ እኔ ደግሞ በእጄ እጽፈዋለሁ። ደብተሩንም መጨረሻ ላይ ያዩታል።

ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። ከቅዳሜ በፊት እኔው ስለምነግራት፣ ከደወለችልዎት እባክዎ እርስዎ አይንገሯት።