ሒሳቡ ጋር የመጣች አጭር መጠይቅ

ለጤና ያድርግልዎ።

«ምግቡ እንዴት ነበር?» ስንል ሁሉም ሰው «ቆንጆ ነው» ብሎን ይወጣል። ይሉኝታ ነው፣ እናውቀዋለን። በ«ቆንጆ ነው» ግን ወጥ ቤት አይስተካከልም። ስምም ስልክም አንጠይቅም። መልስዎን ይክበቡና ካርዷን በሩ አጠገብ ያለው ሙዳይ ውስጥ ጣል ያድርጓት። ማታ ከፍተው የሚያነቡት የምግብ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ አስተናጋጁ አያያትም።

1. ዛሬ ምን በሉ?
አሳ ጥብስ / አሳ ጉላሽ / በያይነቱ / የሥጋ ጥብስ / ሌላ

2. ካዘዙ በኋላ ስንት ደቂቃ ጠበቁ?
ከ20 በታች / ከ20 እስከ 40 / ከ40 በላይ
ሙሉ አሳ የሚጠበሰው ሲታዘዝ ስለሆነ መቆየቱ አይቀርም። ይበልጥ የምንፈልገው ይህን ነው፦ እንደሚቆይ አስቀድሞ የነገረዎት ሰው አለ?
ነግረውኛል / ስጠይቅ ነገሩኝ / ማንም አልነገረኝም

3. ከዘጌ በጀልባ ተመልሰው ነው የመጡት?
አዎ / አይደለም
ምሳ ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ አንድ ላይ ሲደርሱ ወጥ ቤቱ ይጨናነቃል። የሚጉላላው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

4. አሳ ከበሉ፣ እንዴት ነበር? (ከአንድ በላይ መክበብ ይቻላል)
ጥሩ ነበር / ቀዝቅዞ መጣ / ውስጡ አልበሰለም / ድርቅ ብሏል / ዘይት በዝቶበታል / የቆየ ዘይት ይሸታል
ጉላሹ ውስጥ እሾህ አገኙ? አዎ / የለም
ጥብስ ላይ እሾህ ያለ ነው። ጉላሽ ላይ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የኛ ነው።

5. ለእርስዎ አሳ የጾም ነው?
አዎ / አይደለም
ክርክሩ ውስጥ አንገባም! ረቡዕና ዓርብ ለስንት ሰው የሚበቃ ሽሮና በያይነቱ እንሥራ ለማለት ነው።

6. እጅ መታጠቢያው ጋ ውሃና ሳሙና ነበር?
ሁለቱም / ውሃ ብቻ / ሳሙና ብቻ / ምንም

7. ማታ ሐይቁ ዳር ከተቀመጡ፣ ትንኝ አስቸገረዎት?
በጣም / ትንሽ / የለም

8. ሒሳቡ ሜኑ ላይ ካዩት ዋጋ ጋር አንድ ነው?
አንድ ነው / በልጧል / አላየሁትም
በቴሌብር ለመክፈል ተቸገሩ? አዎ / የለም / በጥሬ ገንዘብ ነው የከፈልኩት

9. አስተናጋጁ በቁጣ፣ በችኩልነት ወይም በመጥፋት፣ በየትኛው ይታማል?
በቁጣ / በችኩልነት / በመጥፋት / በምንም አይታማም

10. ነገ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ ቢሉን፣ ምኑን ይሉናል?
የካርዷ ጀርባ ባዶ ነው፤ እንዳሻዎ ይጻፉበት። ከተናደዱ ተናደው ይጻፉ። «ሽንት ቤቱን እዩት» ብሎ በሦስት ቃል መጨረስም ይቻላል።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ይተዉልን። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጠፍቶብናል።